«ተከትቦም ታመመ» ለሚል አባት ምን ልበል? የእሁዱን የኩፍኝ ንግግሬን እዩልኝ

መኮንኑ ከወንጂ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ወጣ ብላ በምትገኝ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ጤና መኮንን ነኝ። በሸንኮራው ማሳ ዳር ባለች አንዲት መንደር ኩፍኝ ገብቷል። ወደዚያው ወጥተን መከተብ ጀምረን ነበር። መጀመሪያ ላይ እናቶች በደንብ መጡ። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነገሩ ቀዘቀዘ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ማክሰኞ ተከትባ ቅዳሜ ሽፍታው ወጣባት። መንደሩ በሙሉ «መርፌው ነው ያመጣባት» አለ። ሁለተኛው የ9 ዓመት ልጅ ነው። በ9 ወሩ ተከትቧል፣ ካርዱም አለ፤ ግን ታሟል። የልጁ አባት በመንደሩ የሚሰሙ ሰው ናቸው። «ካርዱን ይዤ ስብሰባው ላይ እነሳለሁ» ብለዋል አሉ።

እሁድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶኛል። የጻፍኩት አጀማመር ይህ ነው፦

«የተከበራችሁ የመንደሩ ነዋሪዎች፣ ኩፍኝ በቫይረስ አማካይነት የሚከሰት፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ ከባድ በሽታ ነው። ክትባቱ አስተማማኝና ምንም ጉዳት የሌለው ሲሆን ማንኛውም ወላጅ ልጁን የማስከተብ ኃላፊነት አለበት...»

ምን ትላላችሁ? በተለይ ለእኚያ አባት ምን ልመልስ?

ጋሽ ሸንኮራ
የኔ ልጅ፣ ፋብሪካው ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ የእድር ዳኛም ነበርኩ። ይሄ ያነበብኩት ንግግር ሳይሆን ደብዳቤ ነው። «ኃላፊነት አለበት» ስትል ሰው ካድሬ መጣ ብሎ ጆሮውን ይዘጋል።

ከሁሉ በፊት ቅዳሜ ማታ እኚያ ሰውዬ ቤት ሂድ። ቡናቸውን ጠጣ። ልጃቸውን እይላቸው። ታሞ የተኛ ልጅ ያለበትን አባት መጀመሪያ በጉባኤ ፊት አታግኘው። ቤታቸው ሄደህ ካየኸው፣ እሁድ ቢነሱም የሚነሱት እንደ ጠያቂ ነው።

ሌላው፣ በዚያ መንደር ግማሹ በኦሮምኛ ነው የሚሰማው። በአማርኛ ብቻ ተናግረህ እንዳትመለስ።

ላብ ሰው
መልሱ ቀላል ነው። ክትባቱ ተበላሽቶ ነው። እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ይሞቃል፣ ሙቀት ያየ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ውሃ ነው። ለሕዝቡ እውነቱን ንገራቸው፦ «የበፊቱ ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን አዲስ አምጥተናል» በላቸው። ይገባቸዋል።

ሲስተር ከአዳማ
ላብ ሰው፣ ሙቀት እንደሚጎዳው ልክ ነህ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ዱቄቱ በማሟሟቻው ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በጣም ስስ ነው፤ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይጣላል። ግን ፍሪጁ መሞቁን ማን አየ? ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለች፣ በመሃሏ አራት ማዕዘን። መሃሉ ከዙሪያው ነጣ ያለ ከሆነ ደህና ነው። እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰበት አይሰጥም። የሙቀት መዝገቡም አለ። እሱን ሳያይ «ተበላሽቶ ነበር» ቢል እስካሁን የተከተቡት ሁሉ ነገ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። የሚያምነውም አያገኝም።

መኮንኑ፣ የሁለቱን ልጆች ታሪክ አንድ ላይ አትመልስ። የየራሳቸው ምክንያት ነው ያላቸው። በመጀመሪያ ስለ ሕፃኗ ንገረኝ። ትኩሳቱ መቼ ጀመራት? ሳልና የዓይን መቅላት ነበራት?

መኮንኑ ከወንጂ
ሲስተር፣ እናትየውን ደውዬ ጠየቅኳት። ከተከተበች ማግስት ረቡዕ ነው ትኩሳቱ የጀመረው። ሳል፣ ንፍጥ፣ የዓይን መቅላት ሁሉም ነበራት። ቅዳሜ ሽፍታው ከጆሮዋ ኋላና ከፊቷ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ።

ሲስተር ከአዳማ
በቃ፣ ይቺ ልጅ መርፌውን ስትወስድ ኩፍኙ ውስጧ ነበር። በሽታው ከያዘህ ቀን እስከ ሽፍታው ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቅዳሜ ሽፍታ ካወጣች የተያዘችው ከክትባቱ ዐሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ሰሞን ጎረቤት የታመመ ልጅ እንደነበር ጠይቅ፣ ታገኘዋለህ።

ክትባቱ ራሱ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ የሚያመጣባቸው ልጆች አሉ። ግን እሱ በአብዛኛው ከተወጉ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚመጣው። ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። በማግስቱ የጀመረ ትኩሳት፣ ያውም ከሳልና ከቀላ ዓይን ጋር፣ ከመርፌው አይደለም።

እዚህ ላይ ንግግርህ ውስጥ ያለውን «ምንም ጉዳት የሌለው» የሚለውን አውጣው። አንዲት እናት ዛሬ አስከትባ በስምንተኛው ቀን ልጇ ቢተኩስባት «ዋሸኝ» ነው የምትለው። አስቀድመህ ንገራት። የተነገራት ትኩሳት አያስደነግጣትም።

አባ ሜላት
እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። ልጄ ሰውነቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶባታል፣ በጣም ያሳክካታል። ጎረቤት ጉድፍ ነው አለኝ። የኩፍኝ ክትባቷን ጨርሳለች። ታዲያ ክትባቱ አልሠራም ማለት ነው?

ሲስተር ከአዳማ
አባ ሜላት፣ ጉድፍ ሌላ በሽታ ነው፣ የኩፍኝ ክትባት አይከለክለውም። ውሃ የሚቋጥረው እሱ ነው። ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም። አሳያት እንጂ በዚህ ክር አትመርምራት።

መኮንኑ ከወንጂ
የሕፃኗ ገብቶኛል። የ9 ዓመቱስ? አባትየው የሚነሱት በዚያ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተከተበው። ዘመቻ በመጣ ጊዜ አያቱ ጋ አገር ቤት ነበር አሉ።

ሲስተር ከአዳማ
በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከመቶ ልጆች ለ85ቱ ያህል ነው የሚይዝላቸው። ከዚያ በፊት እንዳይሰጥ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ይሻማዋል። ከዚያ በኋላ እንዳይቆይ ደግሞ ኩፍኙ ይቀድመዋል። ስለዚህ 9 ወር መሃል ላይ የተመረጠ ነው። ያልያዘለትን ለመያዝ በ15 ወር ሁለተኛው አለ። እኛ አገር ሁለተኛው በመደበኛ ክትባት የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። የ9 ዓመት ልጅ ከሆነ በሰዓቱ አልደረሰውም። ዘመቻውም ካመለጠው ያለችው ያቺ አንዷ ናት።

ይህን ለአባትየው በቁጥር አስረዳቸው። መቶ ልጅ ያለበት መንደር እናስብ። 80ው አንድ ጊዜ ተከትበዋል፣ 20ው አልተከተቡም። ከ80ው 12ቱ አልያዘላቸውም። ኩፍኝ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ቢያሳምም 32 ልጅ ይታመማል። ከነሱ ውስጥ 12ቱ ካርድ አላቸው። ሰው የሚያየው እነዚህን 12 ነው። እቤታቸው ደህና ሆነው የሚጫወቱትን 68 የተከተቡ ልጆች ማንም አይቆጥራቸውም። ካልተከተቡት 20 ደግሞ ሳይታመም የቀረ አንድም የለም።

ላብ ሰው
ሲስተር፣ ቁጥሩን አልከራከርም። ግን በማሳ ዳር መንደር ሰው 85 ከመቶ ብትለው «ታዲያ የኔ ልጅ ከ15ቱ ከሆነስ?» ነው የሚልህ። በመቶኛ የሚጽናና ወላጅ አላየሁም።

ጋሽ ሸንኮራ
እዚህ ላይ ላብ ሰው ልክ ነው። የእኛ ሰው ግን ጤፍ ያውቃል። አረም በአንድ ዙር ነቅሎ የጨረሰ ገበሬ የለም። መጀመሪያ ሲታረም ያልታየው በሁለተኛው ይያዛል። «አንድ ጊዜ አርሜ ነበር፣ ለምን አረም በቀለ?» ብሎ ማረም የተወ አለ? ይህን በላቸው። ያቺ በ15 ወር የምትሰጠው ሁለተኛዋ የማረሚያ ዙር ናት። አባትየውም ካርዱን ይዘው ሲነሱ «አባባ፣ አንዱን ዙር አርመዋል፣ ሁለተኛው አልደረሰዎትም ነበር» በላቸው። ጥፋቱን በሳቸው ላይ አይጥልም።

የመንትዮች እናት
እኔ ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ግን ስለ እናቶች ስትናገሩ አንድ ነገር ልበል። መንትዮቼን በ9 ወራቸው ይዤ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው ጤና ጣቢያ ነው። ሁለቱን አዝዬና ታቅፌ፣ ባጃጅ ከፍዬ። ባለሙያዋ «ዛሬ ልጅ አልሞላም፣ ሐሙስ ነይ» አለችኝ። ሐሙስ ገበያ ነው፣ የምሸጠው አለኝ። አልተመለስኩም። ካርዳቸው ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። አሁን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗቸዋል። መኮንኑ፣ ንግግርህ ላይ እናቶች ግድ የላቸውም እንዳትል።

የክትባት ክፍል
እህቴ፣ እኔ በዚያ ወንበር ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ልንገርሽ። የኛ ብልቃጥ ባለ 10 ዶዝ ነው። ለሁለት ልጅ ከከፈትኩት ስምንቱን እጥላለሁ። ወር መጨረሻ ላይ «ብክነትሽ ለምን በዛ?» ተብዬ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ወር ሳያልቅ ክትባት አልቆ ሌላ እናት ብትመለስስ?

ሲስተር ከአዳማ
የክትባት ክፍል፣ ጭንቀትሽን አውቀዋለሁ። ነገር ግን የተባለው ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ነው። የተጣለ ዶዝ ይተካል። ተመልሳ ያልመጣች እናት ግን እንዳየሽው አትተካም። አቅርቦት ስታዘዢ ብክነቱን ጨምረሽ ነው ማስላት ያለብሽ።

የክትባት ክፍል
በወረቀት እንደዚያ ነው ሲስተር። የጠየቅነው ሁሉ ቢመጣማ። ያዘዝኩትን ግማሽ እያገኘሁ እንዴት ለአንድ ልጅ ልክፈት?

ጋሽ ሸንኮራ
ከሁሉም ያስጨነቀኝን ልንገርህ። መንደሩ ውስጥ አሁን የታመሙ ልጆች ተደብቀዋል። እናቶቻችን ኩፍኝ ያለበትን ልጅ ጨለማ ቤት አስተኝተው፣ ቡና አፍልተው፣ ሰው እንዳያይባቸው በር ይዘጋሉ። «ኩፍኝ ያለበትን መርፌ ካገኘው ይሞታል» ይላሉ። ባለቤቴም ይህን ነው የምታምነው። ስለ መርፌ ብቻ ከተናገርክ እነዚያ ልጆች አይወጡልህም።

ሲስተር ከአዳማ
ጋሼ፣ እንኳን አነሱት። በኩፍኝ የሚሞት ልጅ በብዛት የሚሞተው ተከትሎት በሚመጣው የሳንባ ምች ወይም ተቅማጥ ነው። ዓይኑንም ሊያጠፋው ይችላል። ለታመመው ልጅ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ደግሞ መርፌ የለውም። ትንሽ እንክብል ናት፣ ጫፏን በመቀስ ቆርጠህ አፉ ውስጥ ትጨምቅለታለህ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። ዓይኑ ላይ ምልክት ካለ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። መኮንኑ፣ እንክብሏን በእጅህ ይዘህ አሳያቸው። መቀሱንም አሳያቸው።

ላብ ሰው
ቫይታሚን ኤ ከበቃ ታዲያ ክትባቱ ለምን አስፈለገ? ይህንንም ይጠይቁሃል።

ሲስተር ከአዳማ
አይበቃም። እንክብሏ የታመመውን ከመታወርና ከሞት ታተርፋለች እንጂ ኩፍኝ እንዳይያዝ አታደርግም። እሱን የሚያደርገው ክትባቱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይተህ ካልነገርካቸው እንክብሏን ተቀብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

መኮንኑ ከወንጂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደ አዲስ ጻፍኩት። ትናንት ማታ አባትየው ቤት ሄጄ ነበር፤ ልጃቸው እያገገመ ነው፣ እንክብሏንም ወስዷል። ታሪኩን ብናገር እንደማይከፋቸው ነግረውኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እያንዳንዱን ክፍል በኦሮምኛ ትደግመዋለች፣ ስለዚህ አጠር አድርጌዋለሁ፦

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በመንደራችን ኩፍኝ ገብቷል። ይህን ከእኔ በፊት እናንተ ነው ያወቃችሁት። የታመሙትን ልጆች እግዜር ይማርልን።

ሁለት ነገር ስትሉ ሰምቻለሁ። አንደኛው፣ መርፌው ኩፍኝ አመጣ የሚል ነው። እስኪ አብረን እንቁጠር። ሕፃኗ የተከተበችው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ተኮሳት። ኩፍኝ ግን ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይታይ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ስለዚህ በሽታው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነበር የያዛት። ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮ እናድናት ነበር። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ዛሬ ልጃችሁ ደህና ከሆነ ነገ ጠዋት አምጡት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አትበሉት። ታማሚ አጠገብ የዋለ ልጅ እንኳ በሦስት ቀን ውስጥ ከተከተበ የመዳን ዕድል አለው።

ሁለተኛው፣ የተከተበም ይታመማል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይታመማል። አባባ ካርዱን ይዘዋል፣ ካርዱ ትክክል ነው። አንድ ጊዜ የታረመ ጤፍ ውስጥ አረም ይቀራል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ዙር ያለው። የሳቸው ልጅ ሁለተኛው አልደረሰውም። እናንተ ግን ዛሬ ይደርሳችኋል። አንድ ጊዜ ተከትቧል ብላችሁ የተዋችሁትን ልጅ አምጡት።

አልዋሻችሁም፣ የተከተበ ልጅ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀኑ ሊተኩሰው ይችላል። ጡት አጥቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት። ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ልጁ ከደከመባችሁ ለኔ ደውሉ፣ ስልኬን ጤና ኬላው በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ቤት የተኛ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ለታመመው የያዝኩት ይህን ነው። መርፌ አይደለም። እንክብል ናት፣ በመቀስ ትቆረጣለች፣ አፉ ውስጥ ትጨመቃለች፣ ዓይኑን ታድንለታለች። ይዛችሁት መምጣት ከከበዳችሁ እኛ እንመጣለን። ሰው ፊት አናወጣባችሁም። የታመመው ሽፍታው ከወጣ እስከ አራት ቀን ድረስ ከሌላ ልጅ ጋር አይቀላቀል። ይህን ያህል ጊዜ ቤት ማስተኛታችሁ ደግ ነው፣ ግን መስኮቱ ይከፈት፣ ይብላ፣ ይጠጣ።»

ሲስተር ከአዳማ
ጎሽ! አንድ ነገር ብቻ። «አባባ ካርዱን ይዘዋል» ስትል ወደ ሳቸው ቀና ብለህ ዝም በል። መናገር ከፈለጉ ራሳቸው ይናገሩ። የሳቸው አንድ ቃል ከኛ ግማሽ ሰዓት ይበልጣል።

ጋሽ ሸንኮራ
ስለ ፈንጣጣም ጨምርበት። እኔ ልጅ ሳለሁ ፊቱ የተበሳሳ ሰው በየመንደሩ ነበር። በክትባት ነው የጠፋው፣ እኛ አገር በ1968 ዓ.ም. አካባቢ። አሁን የት አለ?

ላብ ሰው
ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ሃያ ዓመት የሆናት እናት ፈንጣጣ አይታ አታውቅም። ልጅ የሚያስከትበው ደግሞ እሷ ናት። ለሽማግሌዎች ይሁን፣ ለእናቶች ግን የሕፃኗ ታሪክ ይበቃል።

ጋሽ ሸንኮራ
እናትየዋን «ሂጂ» ብላ የምትልክ አማት አለች። እሷ ፈንጣጣን ታውቃለች። ተወው፣ እሱ ይወስን።

መኮንኑ ከወንጂ
በጊዜው እወስናለሁ፣ ከፊት የሚቀመጡትን አይቼ።

ስለ ብልቃጡ ግን ዛሬ ከኃላፊዬ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ወረርሽኙ እስኪቆም ድረስ በመንደሩ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈታል ተብሏል። ከዚያ በኋላ ስላለው አልተስማማንም። እሷም የምትለው የክትባት ክፍል ያለችውን ነው። ስለዚህ ንግግሩ ላይ «ሁልጊዜ ይከፈትላችኋል» ብዬ ቃል አልገባሁም።

የክትባት ክፍል
ደግ አደረግክ። ቃል ገብተህ እኔ እንድመልሳት ከሆነ ይባስ ነው።

የመንትዮች እናት
ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። የአንደኛው ካርድ ጠፍቶብኛል። ሌሎቹን ክትባቶች ወስዷል፣ የኩፍኙ ግን ያው እንደነገርኳችሁ ነው። ያለ ካርድ ይቀበሉኛል?

ሲስተር ከአዳማ
ይቀበሉሻል። አዲስ ካርድ ይጻፍለታል፣ መዝገቡ ላይም ይፈለግለታል። ወላጅ በእርግጠኝነት ባያስታውስም የኩፍኝ ክትባት ቢደገም አይጎዳውም፣ ይሰጠዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘሻቸው ሂጂ። ትንሽ ንፍጥ ወይም ቀላል ጉንፋን ቢኖርባቸው እንኳ አትቅሪ። ሁለተኛውን ከአንድ ወር በኋላ ይወስዳሉ፣ ቀኑን ካርዱ ላይ አስጽፊ። ገበያሽ ሐሙስ መሆኑንም ንገሪያቸውና ሌላ ቀን ይስጡሽ።